ጾም ሲገባ ለአበዳሪ የሚጻፍ ደብዳቤ

ልጆቼ፣ በአነስተኛ ብድር ተቋም ውስጥ የብድር ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመሩት ማመልከቻዎች ይመሳሰሉ ነበር። ወተት ሻጯ፣ እንቁላል ነጋዴው፣ ሥጋ ቤት ያለው ሁሉ «ጾም ስለገባ ገበያዬ ቀዝቅዟልና የብድር ክፍያዬ ይራዘምልኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ብዙዎቹን ግን «ማመልከቻው በቂ ምክንያት አልያዘም» ብዬ መልሻቸዋለሁ። ምን ቢጽፉ ኖሮ እንደምቀበላቸው ሳልነግራቸው መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ለእናንተ ልናገር።

መጀመሪያ ማመልከቻውን የሚያነበውን ሰው ችግር ተረዱ። ባለሙያው የሚለካው በእጁ ያሉት ብድሮች ምን ያህል በጊዜያቸው እንደሚከፈሉ ታይቶ ነው። አንድ ክፍያ 30 ቀን ካለፈው፣ በተለመደው የዘርፉ አሠራር በስጋት ላይ ነው ተብሎ የሚቆጠረው የዘገየችው ክፍያ ብቻ ሳትሆን ያልተከፈለው ዋና ብድር በሙሉ ነው። የክፍያ ጊዜው የተሻሻለ ብድርም እንደ ጤነኛው ብድር አይታይም፤ ተለይቶ ይመዘገባል፤ አለቃም ኦዲተርም ይጠይቅበታል። ስለዚህ ባለሙያው እሺ ከማለቱ በፊት በልቡ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። «ጾም እንደሚመጣ ብድሩን ስትወስድ ታውቅ ነበር፤ ምን አዲስ ነገር ተፈጠረ?» የሚለው አንዱ ነው። ሁለተኛው «ካራዘምኩልህ በኋላ ገንዘቡ መቼ፣ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። «ገበያ ቀዝቅዟል» የሚለው ማመልከቻ ለሁለቱም መልስ የለውም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አትሽሹት። ጾሙ ድንገት የመጣ አታስመስሉት፤ ይልቁንም የቀን መቁጠሪያውን ምስክራችሁ አድርጉት። ገቢያችሁ መቼ እንደሚወድቅ የሚናገረው ያው ቀን መቁጠሪያ መቼ እንደሚነሣም ይናገራል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ፋሲካ ነው። በበሽታ ወይም በድርቅ ገቢው የወደቀ ሰው ይህን ያህል እርግጠኛ ቀን መቁረጥ አይችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ጥፋቱ የክፍያ ሰሌዳው ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ ወሩ እኩል ነው ተብሎ መሠራቱ ነው፤ ይህንንም በትሕትና ማስረዳት ነውር የለውም።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ደብተር ያስፈልጋል። አንዲት የወተት ላም አርቢ ያደረገችውን በዝርዝር ላሳያችሁ። ከዋና ብድሯ 60,000 ብር ቀርቶባታል፤ የሚከፈለው በ12 ወር ነው። በየወሩ 25ኛው ቀን ከዋናው 5,000 ብር ትከፍላለች፤ በላዩ ላይ ባልተከፈለው ዋና ብድር በወር 1.5 በመቶ ወለድ ይታከላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ 5,900 ብር ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። በፍስክ ወር በቀን 24 ሊትር በ70 ብር ትሸጣለች፤ በወር 50,400 ብር ማለት ነው። ለፉርሽካ፣ ለፋጉሎ፣ ለድርቆሽና ለሌላው ወጪ 36,000 ብር ይወጣል፤ የሚቀራት 14,400 ብር ነው። በሁዳዴ ግን በቀን የምትሸጠው 18 ሊትር ብቻ ይሆናል። ላም ጾምን አታውቅም፤ መኖው አይቀነስም። የወሩ ሽያጭ 37,800 ብር ይሆንና ከመኖ በኋላ 1,800 ብር ብቻ ይተርፋል። ቤቱ በባሏ ደመወዝ ይውላል።

የመጀመሪያ ማመልከቻዋ «ለሦስት ወር ክፍያዬ እንዲታለፍልኝ» የሚል ነበር። ለምን ሦስት እንዳለች ስጠይቃት «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለችኝ። ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጾሙ ውስጥ የሚውሉት ክፍያዎች የየካቲት 25 እና የመጋቢት 25 ብቻ ናቸው፤ የሚያዝያ 25 ከፋሲካ በኋላ ነው። ሦስተኛው ወር ሲጨመር አንባቢው «ይህች ሴት ሒሳቧን አታውቅም» ወይም «ያላትንም መክፈል አልፈለገችም» ይላል። ደግሞም «እንዲታለፍልኝ» የሚለው ቃል ምንም አልከፍልም ማለት ነው። እሷ ግን 1,800 ብር አላት፤ ወለዱ 900 ብር ነው። ወለዱን መክፈል ትችላለች። ወለዱ በየወሩ ከተከፈለ ወደ ዋናው ተጨምሮ ሌላ ወለድ አይወልድም፤ ለባለሙያውም ግንኙነቱ እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

ስለዚህ ጥያቄዋ ተሻሽሎ ሁለት ወር ወለድ ብቻ የመክፈል ጥያቄ ሆነ። ከዋናው የሚዘገየው 10,000 ብር ነው። ይህን እንዴት ትመልሳለች? አንዱ መንገድ የብድሩን መጨረሻ በሁለት ወር መግፋት ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ግን በሙሉው 60,000 ብር ላይ የሁለት ወር ወለድ ስለሚጨምር 1,800 ብር ያስከፍላታል። ሌላው መንገድ የማብቂያውን ቀን ሳይነኩ የዘገየውን በቀሩት ወራት ማካፈል ነው። በጾም ያልተሸጠው 6 ሊትር ይናጣል፤ በ55 ቀን 330 ሊትር ይሆናል። በእሷ ልምድ ከ22 ሊትር አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣልና 15 ኪሎ ታገኛለች። ለፋሲካ ኪሎውን 900 ብር ብትሸጠው 13,500 ብር ነው። ሁሉንም ግን በማመልከቻው ቃል አልገባችም፤ በዓል ሲደርስ ሁሉም ቅቤ ይዞ ስለሚወጣ ዋጋው ሊሰበር ይችላል። ከቅቤው 4,000 ብር ብቻ በሚያዝያ ክፍያዋ ላይ ለመጨመር ተስማማች። የቀረውን 6,000 ብር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ስድስት ክፍያዎች ላይ አንድ አንድ ሺህ ብር አድርጋ አከፋፈለችው። በዚህ መንገድ በአጠቃላይ የሚጨመርባት ወለድ 540 ብር ብቻ ነው፤ ብድሩም በተቀጠረበት ወር ያልቃል።

ጭማሪው ጥቅምት ላይ ማብቃቱን ልብ በሉ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በዚያ ጾም ሽያጯ ወደ 21 ሊትር እንደሚወርድ ያለፈው ዓመት ደብተሯ ያሳያል፤ ከመኖ በኋላ 8,100 ብር ይቀራታል፤ የኅዳሩ ክፍያ 5,225 ብር ነው። አለቃዬ «የገና ጾም ሲመጣስ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር። አንድ ጾም ለማለፍ የተሠራ ሰሌዳ በሚቀጥለው ጾም ከወደቀ ሁለተኛ ጊዜ የሚሰማችሁ አታገኙም።

ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የእሷ እንዲህ ይል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የሁለት ክፍያዎች ማሻሻያ ስለመጠየቅ። እስከ ዛሬ ክፍያዬን ሳላዛንፍ ከፍያለሁ። በሁዳዴ የወተት ሽያጬ በቀን ከ24 ወደ 18 ሊትር እንደሚወርድ ያለፈው ዓመት የሽያጭ ደብተሬ ያሳያል፤ ቅጂው ተያይዟል። ስለዚህ የየካቲትና የመጋቢት ክፍያዬ ወለዱ ብቻ እንዲሆንልኝ፣ የሚዘገየውን 10,000 ብር ደግሞ 4,000ውን በሚያዝያ፣ 6,000ውን ከግንቦት እስከ ጥቅምት በየወሩ 1,000 ብር እንድከፍል፣ የብድሩ ማብቂያም እንዳይለወጥ እጠይቃለሁ። የቡድኔ አባላት ስምምነታቸውን ከታች ፈርመዋል።»

ምስጋናና ልመና እንዳልበዛበት ታያላችሁ። የቤት ችግርም አልተዘረዘረም፤ ባለሙያው የሚያዝን ልብ ቢኖረውም ለአለቃው የሚያቀርበው ቁጥርን ነው። «ክፍያዬን ሳላዛንፍ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ለማለት ግን ማመልከቻው የመክፈያው ቀን ሳያልፍ መግባት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ከጾሙ መግቢያ አንድ ወር ቀድማችሁ ሂዱ። ውዝፍ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ያው ወረቀት ከዕዳ መሸሽ ይመስላል።

የቡድን ዋስትና ያለበት ብድር ከሆነ አባላቱን ቀድማችሁ ንገሩ። ክፍያችሁ ሲዘገይ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፤ ነገሩን ከባለሙያው አፍ ከሰሙት ይቆጣሉ፤ ፊርማቸውንም ይነሳሉ። ሰሌዳውን ዘርግታችሁ መቼ ምን እንደምትከፍሉ አሳዩአቸው። ለክፍያ ብላችሁ ከአራጣ አበዳሪ እንዳትወስዱም እለምናችኋለሁ። የአራጣው ወለድ ብዙ ጊዜ ከተቋሙ እጅግ የከበደ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ብድር ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ሙሉ መጠን ላይ? እኔ የሠራሁት ስሌት ለመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በሁለተኛው ከሆነ ወጪው ስለሚለያይ በቁጥር ያሳዩአችሁ። ማሻሻያው የአገልግሎት ክፍያ ወይም ቅጣት አለው? ተቀማጭ ቁጠባችሁስ በውዝፍ ምክንያት ይነካል? ከዚያም አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት በእጃችሁ ተቀበሉ። «ግድ የለም፣ እኔ አውቃለሁ» ብሎ በቃል የፈቀደ ባለሙያ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል፤ የሚተካው የሚያየው የድሮውን ሰሌዳ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ያቺ ሴት ሚያዝያ 25 ቀን 9,900 ብሯን ይዛ መጣች። ቅቤው ካሰበችው በታች፣ ኪሎው በ800 ብር ነበር የተሸጠላት፤ ቃሏ ግን በ4,000 ብር የተወሰነ ስለነበር አልተሰበረም። ቀጣዩን ብድር ስትወስድ የሁዳዴው ወራት ክፍያ ከመጀመሪያው ወለድ ብቻ ሆኖ በሰሌዳው እንዲገባ ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም። እናንተም ዛሬ ደብተር ጀምሩ፤ በየቀኑ ስንት ሊትር እንደሸጣችሁ ብቻ ጻፉ። የሚመጣው ዓመት ማመልከቻ የሚጻፈው ከዚያ ደብተር ነው፤ ምናልባትም ከናካቴው ማመልከት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።