«ልጄ» ላለኝ ሰው ምን ልበለው?

ጽሑፍ ስንለዋወጥ የሰውየውን አነጋገር መከተል ጥሩ ነው ይባላል፤ ዘና ካለ ዘና በል፣ ከተኮሳተረ ተኮሳተር። በአማርኛ ግን ይህ መመሪያ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ይሰናከላል።

እኔ ሆለታ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት የዘር ድንች ለመግዛት ለአንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ረቂቅ ላክሁ፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። 8 ኩንታል የዘር ድንች እንዲያዘጋጁልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።» መልሳቸው፦ «እሺ ልጄ፣ አለ። መቼ ትመጣለህ?»

አሁን ልከተላቸው? «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አስቀምጥልኝ» ብል ነውር ነው። እሳቸው «አንተ» ያሉኝ በዕድሜያቸው መብት ነው፤ መብቱ ወደ እኔ አይዞርም። ግን ያን ሁሉ «በትህትና እጠይቃለሁ» ብደግመው ደግሞ «ልጄ» ያለኝን ሰው እንደ ቢሮ ኃላፊ ማራቅ ይሆናል። መልሴ እንዲህ ሆነ፦ «እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። 8ቱን ኩንታል ያስቀምጡልኝ።» ሰላምታው አጠረ፣ ጌጡ ወረደ፣ «ያስቀምጡልኝ» ግን ቀረ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጌጡ የጨዋታው ነው፤ ከመልስ መልስ ይለወጣል። «እርስዎ» ግን የዝምድናው ነው፤ የሚወርደው ባለቤቱ «አንተ በለኝ» ሲል ነው። በአፋን ኦሮሞም ቢሆን «ኢሲን» ለብዙ ሰውም ለክብርም ያገለግላል፤ ስለዚህ በእኛ ከተማ በሁለቱም ቋንቋ ይህ ሚዛን የታወቀ ነው።

ተቃራኒውስ? አንድ ወዳጄ ለአንዲት ወጣት የቢሮ ሠራተኛ «ሰላም እህቴ፣ ደረሰኙን ዛሬ ላኪልኝ እስቲ» ብሎ ጻፈ። መልሷ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በ3 ቀን ውስጥ ይላክልዎታል።» ቁጣ ነው? «ደርሶናል» የሚለውን እዩ፤ የተናገረው መሥሪያ ቤቱ ነው። እሷ በዕድሜ ብታንስም እዚያ ወንበር ላይ «አንቺ» አትባልም። ስለዚህ ሁለተኛው ረቂቁ «ጤና ይስጥልኝ፤ ደረሰኙ እስከ ዓርብ ቢላክልኝ ደስ ይለኛል» ሆነ። «ቢላክልኝ» አንቺም እርስዎም አይልም፤ ማዕረጉ ሲያጠራጥር እንዲህ ያለ ግስ መሸሸጊያ ነው። ግን ረጅም ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ቢሞላ ማንን እንደሚያናግር ይጠፋል።

ከወዳጅ የመጣ ድንገተኛ «እርስዎ» ግን ሌላ ነው። ትናንት «አንተ» ይልህ የነበረ ሰው ዛሬ «መልእክትዎ ደርሶኛል» ካለ፣ በ«እርስዎ» መመለስ ርቀቱን ማጽደቅ ነው። ያኔ «ምነው፣ አስቀየምኩህ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ደረጃውን ስትለውጡ ግን ግሱን ሁሉ እስከ መጨረሻ ተከታተሉ። «እርስዎ እንደነገርከኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው ያናግራል፤ አንዱንም አያከብርም።

ይህ ሁሉ መለሳለስ አይደለም ወይ? የሰውየውን ቃል እየቀዱ መመለስ ይሆናል። ማክበር ግን ሰውየው የቆመበትን አይቶ፣ ራስም የቆሙበትን ሳይለቁ መናገር ነው።