የፍቺ ወረቀትና የቁርባን ቃል ኪዳን

የዕለቱ ንባብ፦ ማቴዎስ 19፥3-9፣ ዘዳግም 24፥1-4፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10-16



እዚህ ሐርጌሳ በስደት ካለነው መካከል ትዳሩ አገር ቤት የፈረሰበት፣ ወይም በስደት መንገድ የተበተነበት ሰው ብዙ ነው። ደጋግሞ የሚነሳውም ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ከፍርድ ቤት የፍቺ ወረቀት አለኝ፤ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ለምን ገና ባለትዳር ነሽ ትለኛለች?» ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ «ሽማግሌዎች ለያይተውናል፣ ፍርድ ቤት ምን ያደርግልኛል?» ይላል።

ፈሪሳውያንም ጌታን የጠየቁት ስለ ወረቀት ነው። ሙሴ ሚስቱን የሚያሰናብት ሰው የፍቺ ጽሕፈት በእጇ እንዲሰጣት አዝዞ ነበር። ያ ጽሕፈት ለሴቲቱ ጥበቃ ነበር። ከቤት የተባረረች ሴት የማን ሚስት እንደሆነች ሳይታወቅ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ያደርጋት ነበር። ጌታችን ወረቀቱ ዋጋ የለውም አላለም። ስለ ልባችሁ ጥንካሬ የተሰጠ ነው አለ እንጂ። ከዚያ ግን ወደ መጀመሪያው፣ ወደ አዳምና ሔዋን መለሳቸው፤ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው አለ። እንግዲህ ሁለት ነገር አለ ማለት ነው፦ ሰውን በሕግ ፊት የሚጠብቅ ወረቀትና በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ኪዳን። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት ድሬዳዋ በቁርባን አገባች እንበል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባሏ ትቷት ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀመረ፤ ልጅም ወለደ። እሷ ተሰዳ እዚህ መጣች። አሁን አንድ ወንድም ሊያገባት ይፈልጋል። ምን ማድረግ አለባት?

መጀመሪያ የመንግሥቱን ሕግ እንይ። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሃይማኖት፣ በባህልም ሆነ በክብር መዝገብ የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያየዋል። ሲፈርስም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚፈርሰው፦ በፍርድ ቤት ብቻ። ዳኛው መጀመሪያ እንዲታረቁ ይመክራል፤ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲነጋገሩም ሊያደርግ ይችላል። የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ከሦስት ወር አይበልጥም። ካልታረቁ ፍቺውን ይወስናል፤ የልጆችንና የንብረትን ጉዳይም ያያል። ዝሙት ካልተረጋገጠ አላፋታም አይልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ፍቺ ይወስኑ ነበር። ከ1992 አዋጅ በኋላ ግን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበት «ተለያይተዋል» የሚል ወረቀት ፍቺ አይደለም። የፍርድ ቤት ማኅተምና የውሳኔ ቁጥር ከሌለው፣ እህታችን በሕግ ፊት አሁንም የሰው ሚስት ናት።

እሺ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አገኘች እንበል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ግን የቁርባን ጋብቻ በዳኛ ፊርማ አይፈርስም። ጋብቻዋ በሰማንያ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ቀላል ነበር፤ ንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተው ወደ ፊት ይመሯት ነበር። የቁርባኑን ግን ሞት ነው የሚለየው፤ ከሞት ሌላ ጌታ በማቴዎስ 19፥9 ለይቶ የጠቀሰው ዝሙትን ነው።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቃት ፍርድ ቤት ያልጠየቃትን ነው፦ እውነት ዝሙት ተፈጽሟል? አንቺስ ለመታረቅ ሞክረሻል? ነገሩን ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። እሳቸው ብቻቸውን «ተፈተሻል» ሊሏት አይችሉም። ያገባችበት ደብር ይጠየቃል፣ ባልየውም ቃሉን ይሰጣል፣ ምስክር ይሰማል፤ ነገሩ በደብሩ በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ፣ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ይሄዳል። ወሬ ማስረጃ አይሆንም። «አምስት ዓመት ተለያይተናል» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ከሌላ ሴት የወለደው ልጅና የሚያውቁት ጎረቤቶች ግን ትልቅ ማስረጃ ናቸው። ከተፈቀደላት፣ ሁለተኛው ጋብቻ እንደ መጀመሪያው በተክሊል አይደለም፤ በንስሐና በጸሎት ነው። በወንጌላውያን ወንድሞቻችን ዘንድ ነገሩን የሚያዩት የአጥቢያው መጋቢና ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም የፍርድ ቤት ወረቀት ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ስለ ምክንያቱ ይጠይቁታል።

ከፍቺ የተለየ ሌላ ነገርም አለ፤ ጋብቻው ከመጀመሪያው ጋብቻ አልነበረም የሚባልበት። በግድ የተዳረች ልጅ፣ ሳያውቁ የተጋቡ የሥጋ ዘመዳሞች፣ ሌላ ሚስት እያለችው ደብቆ ያገባ ሰው፣ እነዚህ «ተፋቱ» አይባሉም። ቤተ ክርስቲያንም ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለውን ለይተው ያዩታል። ስለዚህ በልጅነቷ ተጠልፋ የተዳረች እህት ነገሩን እንደ ተራ ፍቺ አድርጋ አታቅርብ፤ እንዴት እንደተዳረች ከመነሻው ትናገር።

የምትደበደብ እህትስ? ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥11 የተለየች ሴት ሳታገባ ትኑር ወይም ትታረቅ ይላል። ይህ ማለት መለየት አለ ማለት ነው። ነፍሷን ለማዳን ከቤት የወጣችን ሴት ቃል ኪዳን አፈረስሽ ብሎ ወደ ዱላው መመለስ ከዚህ ቃል አይወጣም። ፍርድ ቤትም ሊያፋታት ይችላል። እንደገና ማግባት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ከአባቶች ጋር ታየዋለች።

በመጨረሻ የስደታችንን ነገር። እዚህ ያሉ ፍርድ ቤቶች ጋብቻን የሚያዩት በሸሪዓ ነው፤ የቁርባን ጋብቻችንን እንዲፈቱልን የምንሄድባቸው አይደሉም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 12 ከስደት በፊት በጋብቻ የተገኘ መብት እንዲከበር ይላል፤ ድንበር መሻገር ትዳርን አያፈርስም ማለት ነው። ስለዚህ በዩኤንኤችሲአር ቃለ መጠይቅ ላይ ያልተፋታ ሰው «ላጤ ነኝ» አይበል፤ ቆይቶ ይወጣና ፋይሉን ያበላሽበታል። ለውክልና ብሎ ወደ አገሩ ቆንስላ መሄድ ያሰበ ስደተኛም አስቀድሞ የሕግ አማካሪ ይጠይቅ፤ ወደ ሸሸው መንግሥት ለጥበቃ መመለስ የስደተኝነቱን ጉዳይ ሊነካበት ይችላል።

እንግዲህ ለማግባት የምታስቡ፣ ሁለቱንም ጠይቁ፦ በሕግ ነፃ ነኝ ወይ? በእግዚአብሔር ፊትስ ነፃ ነኝ ወይ? የአንዱን መልስ ለሌላው አታድርጉት። የምታገቡትንም ሰው ሳታፍሩ ይህንኑ ጠይቁት።

ቃል ኪዳን የማያፈርስ አምላክ የተበተነውን ይሰብስብልን፣ የተበደሉትንም ይካስልን። አሜን።