ዮሴፍ ለወንድሞቹ የተናገረው አጭር ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬውን ጽሑፋችንን የምንመሠርተው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ከቁጥር 1 እስከ 5 ባለው ታሪክ ላይ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹ ሲሸጡት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። በግብፅ ምድር ራሱን ሲገልጥላቸው ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ጉድጓዱ አለ፤ ባርነቱ አለ፤ በሐሰት ተከስሶ የገባበት ወኅኒ አለ። ከዚህ ሁሉ ግን ለወንድሞቹ የተናገረው አንዱን ብቻ ነው፤ ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ እኔ ነኝ አላቸው።

ይህንን ቃል ቀስ ብለን እንመልከተው። ዮሴፍ ጉድጓዱን አላነሣም፤ ወኅኒውንም አላነሣም፤ ምቀኞች ናችሁ ብሎም አልሰደባቸውም። ነገር ግን «ሸጣችሁኝ» የሚለውን ቃል አልተወውም። ደግሞም «ወንድማችሁ» ማለትን አልረሳም። ከመናገሩም በፊት ሌላውን ሰው ሁሉ ከፊቱ አስወጥቶ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ያቆሰለውን ግን አልሸሸገም።

እኛስ ስንቆጣ እንዴት እንጽፋለን? ይህንን ለማየት በእኛው ሰንበት ትምህርት ቤት የሆነውን አንድ ነገር፣ ባለቤቲቱን አስፈቅደን፣ ስም ሳንጠራ እንንገራችሁ። አንዲት እኅታችን የመዝሙር ክፍል ተጠሪ ነበረች። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከጥናት ቀረች። እሑድ በተደረገው ስብሰባ ረዳቷና የቅርብ ጓደኛዋ የሆነችው ልጅ ተነሥታ፣ የምትቀረው ሥራ ስለማትወድ ነው ብላ ተናገረች። እኅታችን በዚያው ሌሊት ደብተሯን አውጥታ ለጓደኛዋ በስልክ የምትልከውን መልእክት እንዲህ ብላ ጻፈች።

«አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። በሰው ፊት ጥሩ መስለሽ ለመታየት ሌላውን መርገጥ አይከብድሽም። ዛሬ ያልሽውን ያልሽው ሆን ብለሽ ነው፤ ከመጀመሪያውም የእኔን ኃላፊነት ትመኚው ነበር። አምና በጉዞው ጊዜ ያደረግሽኝንም አልረሳሁትም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ መዝሙር ስገለብጥ ሳድር አንቺ የት ነበርሽ? ብዙ ሰው ታዝቦሻል፤ ስለ ፈሩሽ ነው ዝም ያሉሽ። እናቴ ታማ ሆስፒታል ስመላለስ እንደ ነበር ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። አንቺ ግን ሠላሳ ሰው ፊት ሥራ ስለማትወድ ነው የምትቀረው ብለሽ ተናገርሽ። እንዲህ ያለ ክርስቲያን አይቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይይልሽ። ከእንግዲህ መዝሙርም አልመጣም፤ ዓይንሽንም ማየት አልፈልግም።»

መልእክቱን በዚያ ሌሊት አልላከችውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 4 ቁጥር 26 ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳትጠልቅ መክሮናል። ታዲያ አለመላኳ ከዚህ ምክር ጋር ይጋጫልን? አይጋጭም። ምክሩ ቁጣን በልብ እያሳደሩ እንዳያሳድጉት ነው እንጂ በእኩለ ሌሊት ለሰው እንዲወረውሩት አይደለም። ዮሴፍም ቢሆን ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ከወንድሞቹ ፈቀቅ ብሎ አልቅሷል። ደብተሩ ለእኅታችን እንደዚያ ያለ ጓዳ ሆነላት። በማግሥቱ ግን ሳታዘገይ ጽሑፉን ይዛ ወደ እኛ መጣችና ዐረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ አብረን መረመርን።

የጻፈችው ዐሥራ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚናገሩት ስለ ጓደኛዋ ልብ ነው፤ ለመታየት ትፈልጋለች፣ ሆን ብላ ነው፣ ኃላፊነቴን ትመኛለች ይላሉ። ልብን የሚያይ ግን እግዚአብሔር ብቻ መሆኑ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ተጽፏል። እኅታችን በጆሮዋ የሰማችው ቃሉን ነው እንጂ ምኞቱን አይደለም። አራተኛውና አምስተኛው የሌላ ቀን ጉዳይ ናቸው። እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የአምናው ጉዞ ከተነሣ ክርክሩ ስለ አምናው ይሆናል። ስድስተኛው በዚያ የሌሉ ሰዎችን ምስክር አድርጎ ይጠራል፤ አንባቢዋም የተባለችውን ትታ እነማን እንዳሙኝ ልወቅ ትላለች። ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ፍርድ ናቸው። «እግዚአብሔር ይይልሽ» የሚለው ቃል ጸሎት ይመስላል፤ በዚህ ቦታ ሲነገር ግን እርግማን መሆኑን ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃል። የመጨረሻው ዛቻ ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው። ሕመሙ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። ኃላፊነቱ ወይም ጉዞው ይህን ያህል አላቆሰላትም፤ ያቆሰላት ምሥጢሯን የምታውቀው አንዲት ሰው በሠላሳ ሰው ፊት ሌላ ምክንያት መናገሯ ነው። ቁጣችን ብዙ ሲናገር ሕመማችን እንዲህ መሐል ተቀብሮ ይቀራል። አንባቢውም ፊተኛውን ስድብ ሲያነብ ለራሱ መከራከር ስለሚጀምር እስከ መሐሉ አይደርስም።

እኅታችን ይህን ስታይ የቀረውን ሁሉ ሰርዛ አዲስ ጻፈች። ነገር ግን በመጀመሪያ ከሚገባው በላይ ቆረጠችው። «ትናንት ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ምንም አይደለም፤ ሰላም ሁኚ» የሚል ነበር። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ሌሊቱን እያለቀሰች ላደረች ሰው «ትንሽ» ማለትም «ምንም አይደለም» ማለትም ሐሰት ነው። ጓደኛዋ ይህን ብታነብ ምን እንዳደረገች አታውቅም፤ ስለዚህ ይቅርታ ልትጠይቅበት የምትችለው ነገር የለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 17 ወንድምህን በልብህ አትጥላ ሲል፣ በዚያው ቁጥር ወንድምህን ውቀስ ማለቱን ልብ እንበል። ወቀሳውን የዋጠ ሰው ጥላቻውን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሙከራዋ ደግሞ የሰረዘችውን ስድብ በአሽሙር መልሶ አስገባው። እንደ እኩያ «አንቺ» ስትላት የኖረችውን ጓደኛዋን በአንድ ጊዜ «እርስዎ» አለቻት፤ «እርስዎ ጻድቋ» ብላም ጀመረች። አሽሙር ከስድብ ይልቅ ይወጋል፤ ምክንያቱም ሰሚው ተወግቶ ሳለ ተናጋሪው ምን አልኩ ለማለት ይችላል። አሽሙር መኖሩን ለማወቅ አንዱን መንገድ አገኘን። ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ከሚያዳምጡት አንዱ ፈገግ ካለ ያ ቃል ይውጣ። ስታነብላት እኛም ፈገግ ብለን ነበር፤ ስለዚህ ቃሉን አወጣነው።

በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው።

«እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ትናንት በስብሰባው ላይ፣ ከመዝሙር ጥናት የምቀረው ሥራ ስለማልወድ ነው ስትዪ ሰማሁ። ሦስቱንም ቅዳሜ የቀረሁት እናቴን ለማስታመም መሆኑን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነበር። ይህን እያወቅሽ በሰው ፊት እንደዚያ ማለትሽ በጣም ጎድቶኛል። ከዚያ ወዲህ ምሥጢሬን ለአንቺ መንገር ፈርቻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ከጥናቱ በፊት ብቻችንን እንድንነጋገር እለምንሻለሁ።»

እስቲ ከፊተኛው ጋር እናስተያየው። «ሁልጊዜ» የሚለው ወጥቶ በቦታው «ትናንት» ገብቷል። «ሆን ብለሽ» የሚለው ወጥቶ «እያወቅሽ» ገብቷል። እነዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ሆን ብለሽ» የሚለው የሰውን ሐሳብ መፍረድ ነው። «እያወቅሽ» የሚለው ግን እኅታችን ራሷ ነግራት ስለ ነበር የታወቀ ነገር ነው። ቃሉ ከባድ ነው፤ እውነት ስለ ሆነ ግን አልወጣም፤ ዮሴፍ «ሸጣችሁኝ» ያለውም እንደዚሁ ነው። ዛቻው የነበረበት ቦታ ላይም አንድ ልመና ቆሟል፤ ልመናው ቀን አለው፤ ጓደኛዋም ልትፈጽመው ትችላለች።

መልእክቱ የተላከው ለአንዷ ብቻ ነው እንጂ ሁላችን በምናነብበት የቴሌግራም ቡድን አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ሥርዐቱን አስቀምጦልናል። ሦስተኛውን ደረጃ በመጀመሪያው ቀን የሚያደርግ ሰው የወንድሙን የመመለሻ መንገድ ይዘጋበታል።

ጓደኛዋ መልስ የሰጠችው ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ሲገናኙ እንደ ነገረቻት፣ ሰብሳቢው መዝሙሩ ለምን አልደረሰም ብሎ ረዳቲቱን ሲጠይቃት ደነገጠች፤ ወቀሳው በእርሷ ላይ እንዳይወድቅም በጓደኛዋ አሳበበች። እንግዲህ ኃላፊነቱን ተመኝታ አልነበረም፤ ፈርታ ነበር። የእኅታችን ሕመም እውነት ነበር፤ የቁጣዋ ግምት ግን ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዋ ስለዚያ ስሕተት በተከራከረች፣ በዚያም ክርክር በረታች፣ የሠራችውም በደል በተረሳ ነበር። አሁን ግን የምትከራከርበት ስላልነበረ ይቅርታ ጠየቀች። እኅታችንም በሰው ፊት የተባለው በሰው ፊት እንዲታረም ለመነቻት፤ ያችም በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታ፣ የቀረችው በቂ ምክንያት ኖሯት ነው፤ እኔም ዐውቅ ነበር ብላ ተቀመጠች። የእናቲቱን ሕመም አልተናገረችም። መተማመኑ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ እኅታችን ዛሬም ምሥጢር ለመንገር እንደምትዘገይ አልደበቀችንም።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህ መንገድ ለወንድማማቾችና ለጓደኛሞች በደል ነው። የሚደበድብ፣ የሚያስፈራራ ወይም በታናናሾች ላይ ክፉ የሚያደርግ ሰው ሲኖር የተበደለው ብቻውን እንዲጽፍለት ወይም ብቻውን እንዲያገኘው አንመክርም። ያን ጊዜ ለወላጅ፣ ለንስሐ አባትና ለሕግ ቶሎ መንገር ይገባል።

ከመካከላችን በደብተሩ ውስጥ ያልላከው ቁጣ ያለው ቢኖር፣ ገልጦ ዐረፍተ ነገሮቹን ይቁጠር። ያየውንና የሰማውን ብቻ ያስምርበት። ዮሴፍ «ሸጣችሁኝ» እንዳለው፣ ለእርሱም ያንን አንድ ቃል ፈልጎ እንዲያገኝ፣ ካገኘም በኋላ እንዳይሰርዘው አምላካችን ይርዳው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።