ወለዱ በምን ላይ ነው የሚታሰበው?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የሰፈራችን አንድ ወጣት ሁለት የብድር ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ተጨማሪ መኪና መግዛት ፈልጓል። የመጣው ሊያማክረኝ አልነበረም፣ ዋስ እንድሆነው ነው። «አንዱ 22 ከመቶ ይላል፣ ሌላው 15፤ በ15ቱ ጨርሻለሁ» አለኝ። ወረቀቱን አንብበኸዋል ወይ ብለው «ጋሼ፣ ሁሉም ያው ነው» ብሎኝ አረፈ።

የእሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ከቅዳሴ ስንወጣም፣ ዕድር ላይ ስንቀመጥም ከእናንተ የምሰማው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ ስንት ፐርሰንት ነው? በወር ስንት ይደርሰኛል? ከዚያ ብዕር ይነሣል። ሦስተኛውን የሚጠይቅ አላገኘሁም፤ ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው የሚለውን። ዕድሜዬን ሙሉ በብድርና ቁጠባ ማኅበር መዝገብ ላይ ተጎንብሼ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

የልጁን ሁለት ወረቀት አብረን እንይ። ሁለቱም 60,000 ብር ናቸው፤ ሁለቱም በ12 ወር በየወሩ የሚከፈሉ። በመጀመሪያው ወረቀት 15 ከመቶው የሚታሰበው በ60,000ው ላይ ነው፤ ከፈልክም አልከፈልክም እስከ መጨረሻው ወር በሙሉው። ወለዱ 9,000 ብር፣ ጠቅላላው 69,000፣ በወር 5,750 ይሆናል። የብድር ሠራተኞቹ ይህን «ፍላት» ይሉታል።

ሁለተኛው ወረቀት ወለድ የሚያስበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ልጁ በየወሩ ከዋናው 5,000 ብር ይመልሳል። በመጀመሪያው ወር ያለበት 60,000 ስለሆነ ወለዱ 1,100 ብር ነው። በሁለተኛው ወር 55,000 ቀርቶበታልና ወለዱ ወደ 1,008 ይወርዳል። እንዲህ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻው ወር 92 ብር እንኳ አይሞላም። የዓመቱ ወለድ ሲደመር 7,150 ብር ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ 15 የተባለው 9,000፣ 22 የተባለው 7,150። በመጀመሪያው ውል ልጁ 55,000 ብር መልሶ፣ በ12ኛው ወር እጁ ላይ የቀረው የሰው ገንዘብ 5,000 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የዚያን ወር ወለድ 750 ብር የሚከፍለው በ60,000 ሒሳብ ነው። የመለሰውን ገንዘብ እንደገና እየተከራየው ነው ማለት ነው። በየወሩ እየተከፈለ በዓመት በሚያልቅ ብድር፣ «ፍላት» የተባለውን ወለድ በቀሪ ዕዳ ከሚታሰበው ጋር ማወዳደር ስትፈልጉ እጥፍ አድርጉትና ጥቂት ቀንሱለት። የዚህ ልጅ 15 ከመቶ በዚያ መንገድ ሲታይ ወደ 27 ይጠጋል።

ገና አላለቀም። በመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ 2 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያና 1 ከመቶ መድን ከብድሩ ላይ እንደሚቆረጥ ተጽፏል። ልጁ እጁ ላይ የሚገባው 58,200 ብር ነው፤ የሚመልሰው ግን 69,000። ልዩነቱ 10,800። በሁለተኛው የሚቆረጠው 1 ከመቶ ብቻ ነው፤ 59,400 ይገባለታል፣ 67,150 ይመልሳል፣ ልዩነቱ 7,750። ማንኛውንም የብድር ወረቀት በዚህ ለኩት፦ እጄ የሚገባው ስንት ነው፣ ከእጄ የሚወጣው በጠቅላላ ስንት ነው? የግዴታ ቁጠባ ከተቆረጠባችሁም፣ ኋላ ቢመለስላችሁም እስከዚያው የማትሠሩበት ገንዘብ ነውና ከሚገባው ላይ ቀንሱት።

በማኅበራችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ፊደል አልቆጠሩም። በየወሩ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይመጡና ቆመው «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ቀረኝ? የዚህ ወር ወለዴስ በስንቱ ታሰበ?» ይሉኝ ነበር። እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ቁጥር ሰምተው «ካለፈው ወር እኮ አልወረደም» አሉ። ክፍያቸው በሌላ ሰው ገጽ ላይ ሰፍሮ ኖሯል። ሳስታውሳቸው አሁንም ፈገግ እላለሁ፤ የቢሮው ሰው ሁሉ ይወዳቸው ነበር።

እናንተ ግን ዲግሪ አላችሁ፣ በኪሳችሁ የሒሳብ ማሽን የያዘ ስልክ አለ። ሰበብ የላችሁም።

የመቻል ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ርካሹን ብድር ማግኘት ማለት ትችለዋለህ ማለት አይደለም። ልጁ ገቢውን ሲነግረኝ የቆጠረው የጥርንና የሚያዝያን ሰርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፤ ክረምቱም ቀዝቃዛ ነው። በጾሙ ወር ስንት ይቀርሃል ብዬ አፋጠጥኩት። የሱቅ ኪራይና ክር ከፍሎ 9,500 ብር ይተርፈዋል፤ የቤት ወጪው 6,000 ነው። የሚቀረው 3,500። የርካሹ ብድር የመጀመሪያ ወር ክፍያ ግን ዋናው 5,000 ከወለዱ 1,100 ጋር 6,100 ነው። አይችለውም፤ የሌላውን 5,750ም አይችልም። አዲሱ መኪና የሚያመጣው ገቢ ገና ስላልመጣ እዚህ አይቆጠርም።

«ታዲያ ወደ 24 ወር ላስረዝመው» አለ። አስበንለት፣ የመጀመሪያው ክፍያ 3,600 ሆነ፤ አሁንም ከአቅሙ በላይ ነው፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ7,150 ወደ 13,750 ዘለለ። «በወር ስንት» ብቻ የሚጠይቅ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ መኪና በ30,000 ቢገዛና ያንኑ ያህል ቢበደር በ12 ወር የመጀመሪያው ክፍያ 3,050 ይሆናል። ጠባብ ቢሆንም ይቻላል።

በስልክ ስለምትወስዱት ብድር ብዙ አልልም፤ ለአንድ ወር በተሰጠ 1,000 ብር ላይ 80 ብር «የአገልግሎት ክፍያ» ከተጠየቃችሁና እሱን በየወሩ ከደጋገማችሁት በዓመት 960 ብር ነው። አራጣም ያው አራጣ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ እንዲዋዋል አይፈቅድም። ወለድ ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድላችሁ ልጆቼም፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ አትርፎ ሲሸጥላችሁ የትርፉን ልክና ጠቅላላ ዋጋውን ጠይቁ።

ወደዚያው ወደሚያንገበግበኝ ልመለስ። ሰርጉ ሰምሮለት ልጁ በስድስተኛው ወር ዕዳውን ጠቅልሎ ልክፈል ቢልስ? በቀሪ ዕዳ የሚታሰብ ከሆነ የቀሩት ወራት ወለድ አይኖርበትም። በሙሉው ገንዘብ የታሰበ ከሆነ ግን ያን 9,000 ብር ሙሉውን የሚያስከፍል ውል አለ፤ ቀድሞ በመክፈል ቅጣት የሚጥልም አለ። ይህ አንቀጽ የት እንዳለ ሠራተኛው በጣቱ ያሳያችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የመክፈያ ሰሌዳውን በወረቀት አስወጡ፤ በእያንዳንዱ ወር ዋናው፣ ወለዱና ቀሪው ዕዳ ለየብቻ ይጻፍበት። የወለዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ የሚታሰብባችሁ በሙሉው ገንዘብ ነውና ሌላ አበዳሪ ዘንድ ሄዳችሁ የእሱንም ሰሌዳ አምጡ።