ለሐኪም ስለሚጻፍ ምስጋና

ከደዌው የተፈወሰ ሰው ላከመው ሐኪም ወይም ላስታመመችው ነርስ ምስጋና መጻፍ ይገባዋልን? አንዱ «ሥራቸው ነው፤ ደመወዝም ይቀበሉበታል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያዳነኝ እግዚአብሔር ነው፤ ሰውን ባመሰግን የእርሱን ክብር ለሌላ መስጠት ይሆንብኛል» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ሁለቱም አሳብ ሲመረመር የሚጸና ሆኖ አላገኘሁትም።

እግዚአብሔርን ማመስገን ሰውን ከማመስገን አይከለክልም። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር የተነገረው፥ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። ቋንቋችንም ሁለቱን አስታርቋቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል፥ የተደረገልንን ውለታ ራሳችን ከፍለን ስለማንጨርሰው እግዚአብሔር በእኛ ፈንታ ይክፈልልን ማለታችን ነው።

ስለ ደመወዙ የሆነ እንደ ሆነ፥ ደመወዝ የሥራውን ሰዓት ይከፍላል እንጂ ሥራው ያፈራውን ፍሬ አይነግርም። ነርስ በሽተኛውን የምታውቀው በታመመበት ወራት ነው። የዳነው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው የባሰበት ነው። ስለዚህ የድካሟን መልካም ፍጻሜ ሳታይ ትቀራለች። የምስጋና ደብዳቤ ዋና ቁም ነገሩ ይህን ያላየችውን ማድረሱ ነው፤ ውዳሴው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህንንም በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የእኅቴ ልጅ በትርፍ አንጀት ታሞ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሆዱ የተከፈተ ሰው ቁስሉ ስለሚያመው አጥልቆ መተንፈስና መሳል ይፈራል፤ አክታውም በሳንባው ሲጠራቀም የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ሳይንቀሳቀስ ቢተኛም በእግሩ የደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ትራስ አስታቅፋ፥ ቁስሉን እየደገፈ እንዲስል አደረገችው፤ በማግስቱም ክንዱን ይዛ አራመደችው። ልጁ ያን ጊዜ ጨካኝ መስላው ነበር። ምክንያቱን የተረዳው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሊያመሰግናትም ፈልጎ ሦስት ገጽ ጽፎ አሳየኝ። መልአክ ብሏታል፤ ከሞት አፍ አወጣሽኝ ብሏታል፤ ሌሎቹን ነርሶች ነቅፏል፤ በመጨረሻም ለእኅቱ ሥራ እንድትፈልግላት ለምኗል። እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፥ መልአክ የሚለው ቃል ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል የእርሷን ሥራ አያስታውሳትም። ጓደኞቿን ከነቀፍህ ደብዳቤውን ለማንም ማሳየት ታፍራለች። ልመናውም ያለፈውን ምስጋና ሁሉ የልመና መቅድም ያደርገዋል። ደግሞስ ተረኛ ሰው ቆሞ ሦስት ገጽ መቼ ያነባል?»

ልጁም ቆርጦ ቆርጦ ይህን አስቀረ፦

«ለተከበሩ ሲስተር፤ በጥቅምት 12 ቀን በትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደርጌ በወንዶች ክፍል በ7ኛው አልጋ ተኝቼ የነበርሁ ተማሪ ነኝ። በዚያ ሌሊት ትራስ አስታቅፈው እንድስል ረዱኝ፤ በማግስቱም አልነሣም ስል ሳይቆጡ ክንዴን ይዘው አራመዱኝ። ለምን እንዳደረጉት ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገብቶኛል። ቁስሌ ድኗል፤ ትምህርቴንም ጀምሬአለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ቀኑና አልጋው የተጻፉት ብዙ ሰው ያስታመመች ሴት እንድታስታውሰው ነው። ትራሱና ክንዱ ሌላ ሰው ሊቀበለው የማይችል፥ የእርሷ ብቻ የሆነ ምስጋና ናቸው። ትምህርቱን መጀመሩም ያላየችው ፍጻሜ ነው። ከዚህ በላይ ቢጨመር ይደክማል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ግን ደብዳቤው ለማንም የሚሆን ይሆናል።

ስሟን የማያውቅ ሰው ቀኑንና የተረኝነቱን ሰዓት ጽፎ ለክፍሉ ኃላፊ ቢልከው ሊደርስላት ይችላል፤ ኃላፊዋም ማንበቧ ለሠራተኛዋ ይጠቅማታል። በፖስታው ውስጥ ገንዘብ መጨመር ግን አይገባም፤ የተቀበለችውን ለሐሜት ያጋልጣታልና፥ ሌላው ድኻ በሽተኛም ያለ ገንዘብ የማይታይ ይመስለዋል። በሕክምናው ቅሬታ ያለውም ሰው ቅሬታውን ለብቻው ለአስተዳደሩ ይጻፍ። ቅሬታና ምስጋና በአንድ ወረቀት ሲገቡ አንባቢው የሚይዘው ቅሬታውን ነውና።

እንግዲህ አንተ ወጣት፥ ከአልጋህ በተነሣህ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ የተረኛዋ ፊትና የሠራችልህ ነገር ከአሳብህ ሳይጠፋ ጻፍ። ሲቆይ የሚቀርህ «በጣም ጥሩ ሰዎች ነበሩ» የሚለው ብቻ ነው፤ ያን ለማለት ደግሞ ታሞ መዳን አያስፈልግም።