ሰማያዊው መስመርና የእኛ አረፍተ ነገር

አንድ ሰው ያልጻፈውን አረፍተ ነገር በስሙ ቢያወጣ አታለለ እንላለን። አራሚ ፕሮግራም ያቃናለትን አረፍተ ነገር በስሙ ቢያወጣስ? ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ባለፈው ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት ያከራከረን ይኸው ነው።

እኛ በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ የምንጽፍ ነን። ስለዚህ ከቃላችን ሥር ሰማያዊ መስመር ብቅ ሲል ልባችን ድንግጥ ይላል፤ መምህር ቀይ እስክሪፕቶውን ያነሣብን ይመስለናል። ጣታችንም ሳናስበው «ተቀበል» የሚለውን ይጫናል። ለመሆኑ ከመስመሩ በስተጀርባ ያለው ማን ነው?

አንዱን እንመልከት። ላንጉጅቱል የሚባለውን አራሚ ጀርመናዊው ዳንኤል ናበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እንደ እኛው ተማሪ ሳለ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ጽሑፉን በአረፍተ ነገር፣ ቀጥሎም በቃል ይከፋፍላል፤ ለያንዳንዱ ቃል ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው እያለ ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያ ሰዎች አስቀድመው ከጻፉለት የስሕተት ንድፍ ጋር ያስተያያል። ከገጠመ ያሰምራል፤ ካልገጠመ ያልፋል። ሌሎች አራሚዎች ደግሞ ከብዙ ጽሑፍ የተማሩ ናቸውና የሚመዝኑት የትኛው አነጋገር እንደሚዘወተር ነው። ያም ሆነ ይህ አረፍተ ነገራችንን ያያሉ እንጂ አረፍተ ነገሩ የተነገረለትን ነገር አያዩም። ማስታወሻ ደብተራችንን አልገለጡማ!

ከእኛ አንዷ የታሪክ ተማሪ ናት። የጻፈችው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ስለመታው ረሃብ ነበር። አንድ ገጿን አብረን አየነው፤ ከብዙው መስመር ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው ስለ በሬ ዋጋ ነው። ገበሬዎች ወደ ገበያ ያወጧቸው በሬዎች ዋጋ ዝቅተኛ እንደ ነበረ ስትጽፍ «ዎዝ» ማለት ሲገባት «ዌር» አለች። በአማርኛ ቢሆን «ዋጋ» የሚለው ቃል በሬዎቹን ሁሉ አስቀድሞ እሱ ከኋላ፣ ከግሱ አጠገብ ይውላል፤ ለመሳሳት እምብዛም አይመችም። በእንግሊዝኛው ግን «ዋጋ» ፊት ቀድሞ ይሄዳል፣ በሬዎቹና ገበሬዎቹ መኻል ይገባሉ፣ ግሱ ጋ ስንደርስ ጆሯችን ላይ የቀረው ብዙ ቁጥር ነው። አራሚው ባለቤቱን ፈልጎ ከግሱ ጋር አስማማው። እዚህ ላይ ክርክር አልነበረንም። ማስታወሻዋ የሚለው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልብሱ ነው። ተቀበለች።

ሁለተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ያስፈራን እሱ ነው። «ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ሸጡ» ብላ ጽፋ ነበር። አራሚው «ዘ» የምትለዋ ቃል ጎድላለች ብሎ ከፊት ጨመረላት። በእኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ገበሬዎች» የነበረው «ገበሬዎቹ» ሆነ ማለት ነው። «ዘ»ን መዘንጋት የታወቀ ድክመታችን ስለሆነ እንዲህ ያለውን እርማት ሳናነብ እንቀበላለን፤ ከአሥሩ ብዙውን ጊዜም ትክክል ይሆናል። ችግሩ እዚህ ነው! የምንጯ ማስታወሻ የሚናገረው ስለ ጥቂት መንደሮች ነበር። «ገበሬዎቹ» ከተባለ ግን ከላይ ባለው አንቀጽ የተጠቀሱት የአውራጃው ገበሬዎች ሁሉ በሬ ሸጡ ሊሆን ነው። አንዲት ትንሽ ቃል፣ ማንም ያልመሰከረውን ምስክርነት ሰጠች። ሐሳቡን ተቀብላም አልቀረችም፣ የራሷንም እንዳለ አልተወችም፤ የመንደሮቹን ቁጥር አስገብታ እንደገና ጻፈችው። ያኔ መስመሩ ጠፋ። አራሚው የተሳሳተው በመፍትሔው ነው፤ «እዚህ አንድ ነገር ጎድሏል» ማለቱስ እውነት ነበር።

ሦስተኛው ተገብሮ ግስ ነው። አራሚዎች ተገብሮን አይወዱትም፤ ድርጊቱን ለሠራው ሰው ስጡት ይላሉ። «የረሃቡ ወሬ ተሸሸገ» ለሚለው «ባለሥልጣናት የረሃቡን ወሬ ሸሸጉ» የሚል አቀረበላት። ኧረ ደግ አባባል ነው! እኛም ወደድነው፤ ድፍረት አለው። እሷም ተጭናው አደረች። በማግሥቱ አማካሪዋ ያነሣባት ጥያቄ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበረች፤ «የትኞቹ?»

ደብተሯን ገለጠች። እዚያ ያለው ሪፖርት መጻፉ፣ ወደ ላይ መቅረቡና ለሕዝብ አለመገለጡ ነው። ማን እጁ ላይ እንዳቆየው የሚል ማስታወሻ አልነበራትም። እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ ጦፈ። አንደኛው ወገን፣ ተገብሮ የወንጀለኛ መደበቂያ ነው፣ «ተሸሸገ» ማለት ሸሻጊውን መሸሸግ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ያላገኙትን ሸሻጊ ከአራሚ መዋስ ከመደበቅ አይሻልም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለያያቸው ሰዋስው አይደለም፣ ደብተሩ ነው። ተገብሮ ግስ ሲሰመርብን «በማን?» ብለን ደብተራችንን እንጠይቅ። ስሙ እዚያ ካለና እኛ በፍርሃት ወይም በስንፍና ከዘለልነው አራሚው ይዞናል፤ እንጻፈው። ከሌለ ግን ገቢር ማድረግ ፈጠራ ነው።

በዚያው ገጽ «በሬዎቹ በርካሽ ተሸጡ» የሚልም ነበር፤ እሱም ተሰምሮበታል። እዚህ ግን ሻጩ ማን እንደሆነ ከላይ ተነግሯል፣ አንቀጹ የሚከተለው የበሬዎቹን ዕጣ ነው። ገቢር ቢሆን ዓይናችን ከበሬው ወደ ሰው ይዘላል። ስለዚህ ተወችው። ተመሳሳይ መስመር፣ ተመሳሳይ ማብራሪያ፣ ሁለት የተለያየ መልስ።

መስመር ስለሌለባቸው አረፍተ ነገሮችም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙዎቻችን የምንሞኘው በእነሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች አራሚዎችን ያወዳደሩበት ኮንል የተባለ ውድድር ነበር፤ የተፈተኑትም በሲንጋፖር ተማሪዎች በተጻፉ የእንግሊዝኛ ድርሰቶች ነው። መመዘኛው ስሕተትን ሁሉ ከመያዝ ይልቅ ያሰመሩት ትክክል መሆኑን እጥፍ አክብዶ ይቆጥር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደኅናውን ስሕተት እያለ የሚያስጨንቅ አራሚ የሚታገሠው የለም። እንዲህ ተመዝኖ የሚሠራ አራሚ ግን ሲጠራጠር ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ምስክር ወረቀት መቁጠር የለብንም። የጓደኛችን ገጽ ላይ አንድ ዓመተ ምሕረት ከኢትዮጵያ አቈጣጠር ወደ አውሮፓ ሲገለበጥ ተዛብቶ ነበር፤ አራሚው ምንም አላለም። ያስጨነቀው «ወሎ» የሚለው ስም ነው፤ ቀይ አሰመረበት።

አሁን ጽሑፉ ተጠርዞ ገብቷል። ያ አከራካሪ ቦታ «ሪፖርቱ ወደ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ለሕዝብ ግን አልተገለጠም፤ በማን እጅ እንደ ቆመ ከያዝኳቸው ምንጮች ማወቅ አልቻልኩም» ይላል። «አልተገለጠም» የሚለው ተገብሮ ስለሆነ ኮምፒዩተሯ ላይ ሰማያዊው መስመር አሁንም አለበት። በወረቀቱ ላይ አይታይም።