ኬላው የማን ነው?

ልጄ፣ የላክልኝን የልቦለድህን ካርታ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሰባት ወገን፣ ሰባት ባንዲራ፣ ሰባት ምሽግ ሥለሃል። ለምን እንደሚጣሉ ግን ካርታህ አይናገርም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ባንዲራውን ለጊዜው ተወው፤ ከወንዙ ጀምር።

ያደግህበትን አገር አስተውል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ አፋር ውስጥ ይቀራል። ጉደር ወደ ዓባይ ይወርዳል። ባኮ ስትደርስ ደግሞ ጊቤን ታገኛለህ፤ እሱ ወደ ኦሞ ነው። ነጋዴ ገደል ለገደል አይንከራተትም፤ በወንዞቹ መካከል ያለውን ከፍታ ይዞ ይሄዳል፣ መሻገር ግድ ሲሆንበት ብቻ ወደ መልካ ይወርዳል። መልካ ባለበት ኬላ ይተከላል፣ ኬላ ባለበት ቀራጭ ይቀመጣል፤ የወገን መጀመሪያው ይኸው ነው።

ቀጥለህ ርቀቱን በእግር ለካ። የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ ዛሬ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ ለሲራራ ነጋዴ ግን ስድስት ቀን ያህል ነበር። ስለዚህ የማደሪያ ሰፈር፣ ግጦሽና ውሃ በየቀኑ ጉዞ ልክ ሊኖር ይገባል። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላና መንገዱ ይዘጋል። በልቦለድህ ግን ዓመቱን ሙሉ በጋ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ላምጣህ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቡና፣ ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ይቅር ይበለንና ባሪያም፣ ከጊቤ ወዲያ ካለው አገር ይወጣ ነበር። አሞሌ ጨው ደግሞ ከሰሜን ይገባል፤ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየከበደ፣ ደቡብ ሲደርስ ገንዘብ ይሆናል። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የሰሜን ነጋዴ ከሳቃ ገበያ አልፎ ወደ ከፋ እንዳይዘልቅ ከልክሎ ነበር። ከፋ ሄዶ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ ቢኖር ለሊሙ ምን ይተርፈዋል? አንድ የገበያ ክልከላ ከሰባት ምሽግ የበለጠ ታሪክ ይወልዳል።

ከጊቤ የሚወጣው ዕቃ ሁለት መውጫ ነበረው፤ አንዱ በጉድሩ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ወደ ጎንደርና ምጽዋ፣ ሌላው በሸዋ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ባሕር። አፄ ዮሐንስ ለጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ማዕረግ ሲሰጡ፣ በአንድ ቃል ሁለተኛውን መንገድ ማነቃቸው ነው። ምኒልክ ዝም አላሉም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ በራስ ጎበና ፈረሰኞች የበረታው የሸዋ ጦር አሸነፈ፣ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ዮሐንስ ግን ድሉን አላጸደቁም፤ ሁለቱንም ቀጡ፣ ከምኒልክም ወሎን ወሰዱ። ከዚህ የምትወስደው፣ ከተፎካካሪዎቹ በላይ ሦስተኛ ሰው መኖሩን ነው። ያ ሰው ማንም እንዲጠነክር አይፈልግም።

የጅማው አባ ጅፋር ደግሞ ሳይዋጋ ገብሮ አገሩን ለረጅም ዘመን በእጁ አቆየ። በልቦለድህ እንዲህ ያለ ሰው አጣሁ፤ ትንንሾቹ ነገሥታትህ ሁሉ ወይ ይሞታሉ ወይ ይከዳሉ።

እንግዲህ ሰባቱን ወገን ወደ አራት አውርዳቸው፤ ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። በመልካው ላይ ቀረጥ የሚበላ ባላባት አለ። የነጋዴዎቹ ነጋድራስ አለ፤ እሱ የሚፈልገው አንድ ኬላና አንድ ቀረጥ ነው። ደመወዝ የሌለው የጠረፍ ጦር አዛዥ አለ፤ ሰላም ከሆነ ወታደሩ ይራባል። ንጉሡ ደግሞ ከሦስቱም ይበላል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ አቅርብ፦ መንገዱ ሦስት ቀን ወደ ምሥራቅ ቢዞር ምን ታጣለህ? ባላባቱ ሁሉን ያጣል፤ ስለዚህ ይዋጋል። ነጋድራሱ ምንም አያጣም፤ እንዲያውም መንገዱን በስውር የሚያዞረው እሱ ሊሆን ይችላል። አዛዡ አዲሱ ኬላ ላይ ለመሾም ያያል። «ምንም አላጣም፣ ምንም አላገኝም» የሚል ወገን ካገኘህ ለጌጥ ያስገባኸው ነውና ሰርዘው።

በሰሜኑ ተራራ ላይ ያደረግኸውን የወርቅ ማዕድንም መውጫ መንገድ ስጠው፤ አለዚያ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ዋና ከተማህም እህልና ማገዶ ከየት እንደምታገኝ ንገረኝ። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት አዲስ አበባ እንጨት ስላነሳት ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ ነው የቀረው።

አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ንጉሡ ጦሩን በነሐሴ ያሻግራል። ወደ ኅዳር ውሰደው፤ ካልሆነም ግማሹን ጦር ለወንዙ ስጥና ባላባቱ ከማዶ ሆኖ ይይ።